«ለሚዜዎቻችሁ»፦ አናባቢዎቹን ሁሉ አንዴ ብቻ የያዘ ቃል አፈላለግ

«ለሚዜዎቻችሁ» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ጻፉና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ለ ግዕዝ ነው፤ ሚ ሣልስ፣ ዜ ኃምስ፣ ዎ ሳብዕ፣ ቻ ራብዕ፣ ች ሳድስ፣ ሁ ካዕብ። ሰባት ፊደል ለሰባት ቤት ተዳርሷል፤ የተደገመም የቀረም የለም። ቃሉ ደግሞ ተጠምዝዞ የተሠራ አይደለም፤ ሠርግ ቤት ውስጥ «ለሚዜዎቻችሁ ልብስ ተሰፋ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።

የእንዲህ ያለ ቃል ፍለጋ በእንግሊዝኛ የቆየ ጨዋታ ነው። እዚያ አናባቢዎቹ አምስት ናቸው፤ አምስቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የገቡበትን ቃል፣ ከዚያም ከነዚህ ሁሉ ረጅሙን ፈልጉ ይባላል። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ጨዋታው ከታፔላ ይጀምራል። አማርኛው በፊደል፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው በላቲን፣ እንግሊዝኛው ከጎናቸው ተጽፎ እናያለን። በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ የደረሰው ባቡር ደግሞ ከፈረንሳይኛ ጋር ነው የመጣው። በፈረንሳይኛ ወፍ የሚባለው ቃል ስድስት ፊደል ብቻ ሆኖ አምስቱን አናባቢዎች ይዟል፤ ከተነባቢ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሲነበብ ግን «ዋዞ» ነው፤ ከአምስቱ አንዱም በራሱ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ በላቲን ቋንቋዎች ጨዋታው የዓይን እንጂ የጆሮ እንዳልሆነ ከወዲሁ ያዙ።

መጀመሪያ እንግሊዝኛውን እንጨርስ፤ ዘዴው እዚያ በደንብ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ፊደላችን እንመጣለን።

አንደኛ፣ ሕጉን ወስኑ። የእንግሊዝኛዋ «ዋይ» አናባቢ ናት ወይስ አይደለችም? አይደለችም ካላችሁ እንደማንኛውም ተነባቢ በነፃ ትገባለች፤ ነች ካላችሁ ቃሉ ስድስት አናባቢ መያዝ አለበት። ሁለቱም ሕግ ይሠራል፤ መሃል ላይ መቀየር ግን ማጭበርበር ነው።

ሁለተኛ፣ መዝገበ ቃላቱን ከሀ እስከ ፐ አታንብቡ፤ ቀንሱ። ብዙ አናባቢ የያዘ መድረሻ ወይም መነሻ ውሰዱ፣ የያዘውን ከአምስቱ ላይ አንሱ፣ ለቀረው ብቻ ቃል ፈልጉ። በ«ኤሽን» የሚያልቁ ስሞች በአጻጻፋቸው ሦስት አናባቢ ይዘው ይመጣሉ። የሚቀሩት ሁለት ብቻ ስለሆኑ ትምህርት የሚለው «ኤጁኬሽን» እና የሒሳቡ «ኢኩዌሽን» ወዲያው ይገኛሉ። በ«አስ» የሚያልቁ ቅጽሎች ሁለት ይዘው ይመጣሉ፤ የቀሩትን ሦስቱን የሚያሟላ ስትፈልጉ በሁለቱም እጁ የሚሠራ ሰው የሚገለጽበትን «አምቢዴክስትረስ»ን ታገኛላችሁ። «ፋሲሸስ» እና «አብስቲሚየስ» ደግሞ አናባቢዎቹን በሆሄያት ተራቸው ይደረድሯቸዋል።

ርዝመት ስትፈልጉ ጥሩው በር «ካውንተር» የሚለው መነሻ ነው። ሰባት ፊደል፣ ሦስት አናባቢ አለው። መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ስትጨምሩ አራተኛው ይገባል። የቀረው አንድ አናባቢ ነው፤ እሱን አንዴ ብቻ የያዘ፣ በተነባቢ የወፈረ አጭር ግሥ መሃል ይግባ። «ማርች» አምስት ፊደል ነው፤ ሰባትና አምስት ሦስት ሲጨመርበት አሥራ አምስት። «ካውንተርማርቺንግ» በወታደር ቋንቋ ወደኋላ ዞሮ መጓዝ ነው። በዚህ መንገድ የደረስኩባቸውንና የታወቁትን እነሆ፤ ቁጥሩ የፊደሉ ብዛት ነው፦

```
 6  eunoia
 7  sequoia
 9  education
 9  facetious
10  mozambique
12  ambidextrous
14  subcontinental
15  countermarching
15  unsportsmanlike
15  uncomplimentary
15  uncopyrightable
17  subdermatoglyphic
```

ከላይ ያለችው «ዩኖያ» ከአምስቱ አናባቢ ሌላ ያላት አንድ ተነባቢ ነው፤ ከዚያ ማጠር አስቸጋሪ ነው። ሞዛምቢክ የገባችው በአገር ስምነቷ ነው፤ የተፀውዖ ስም አይቆጠርም ካላችሁ ሰርዟት። አሥራ አራት ፊደል ያለው «ሰብኮንቲነንታል» አናባቢዎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይደረድራቸዋል። «አንኮምፕሊመንታሪ»ም እንደዚያው ነው፤ በተጨማሪም «ዋይ»ን መጨረሻው ላይ አንዴ ይዟል፤ ስለዚህ በስድስቱም ሕግ ያልፋል። በቅጂ መብት ሊጠበቅ የማይችል ማለት የሆነው «አንኮፒራይተብል» ከአናባቢዎቹ አልፎ ከተነባቢዎቹም አንዱን እንኳ አይደግምም። አሥራ ሰባቱም እንዲሁ ነው፤ አሥራ ሰባት ፊደል፣ አሥራ ሰባቱም የተለያዩ። ከጣት አሻራ መስመር ሥር ስላለው የቆዳ ክፍል የሚነገር የሐኪሞች ቃል ነው፤ ተራ መዝገበ ቃላት ውስጥ አታገኙትም። «ረጅሙ የቱ ነው?» ለሚለው መልሱ በያዛችሁት መዝገብ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ በዕለት ተዕለት ቃላት ከሄዳችሁ አሥራ አምስት ላይ ትቆማላችሁ፣ የሐኪም ቃል ከተፈቀደ አሥራ ሰባት።

ኮምፒውተር ያለው ሰው የቃላት ዝርዝር የያዘ ፋይል፣ በየመስመሩ አንድ ቃል፣ ያዘጋጅና ይህን ያስኪድ፦

```python
for w in open("words.txt", encoding="utf-8"):
    w = w.strip().lower()
    if sorted(x for x in w if x in "aeiou") == list("aeiou"):
        print(len(w), w)
```

የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ ከቃሉ ውስጥ አናባቢዎቹን ብቻ ለቅሞ በተራ ይደረድርና ከአምስቱ ጋር ልክ መግጠሙን ያያል። ነጥብ የተጫነባቸው የፈረንሳይኛ ፊደሎች ካሉ አይቆጥራቸውም፤ ያኔ አናባቢ የደገመ ቃል እንደ ንጹሕ ሊያልፍ ይችላል። ረጃጅሞቹን ቃላት በዓይናችሁ እንደገና እዩ።

በኦሮምኛና በሶማልኛ መሞከር የፈለገ ሰው ሕጉን ያሻሽል። በሁለቱም ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው። የከተማችን ስም በቁቤ ሲጻፍ ገና «ድሬ» ላይ አናባቢዋ ድርብ ናት። ድርቡን እንደ አንድ ካልቆጠራችሁ ብዙ ጥሩ ቃል ያመልጣችኋል።

አሁን ወደ ፊደል።

የአማርኛው ጨዋታ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። በላቲን ተነባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ ቃሉ አምስት አናባቢ ይዞ የፈለገውን ያህል ሊረዝም ይችላል። በእኛ ግን እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ታቅፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰባቱ ቤት እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይግባ ካልን ቃሉ የግድ ሰባት ፊደል ነው፤ «ረጅሙ የቱ ነው?» የሚባል ጥያቄ የለም። ይህን ጥብቁ ሕግ እንበለው። ሁለተኛው ልቅ ሕግ ነው። ሳድስ ብዙ ጊዜ አናባቢ የሌለው ባዶ ተነባቢ ነው፤ «ቤት» ስንል ት ላይ የሚሰማ አናባቢ የለም። ስለዚህ ሳድስ በነፃ ይደጋገም፣ ስድስቱ ብቻ አንድ አንድ ጊዜ ይግቡ ብንል የርዝመት ውድድሩ ይመለሳል፤ የእንግሊዝኛው ትክክለኛ አቻም ይሄኛው ነው።

በጥብቁ እንጀምር። ዘዴው ያው መቀነስ ነው፤ መድረሻዎቻችን ደግሞ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ብዙ ቁጥርና ባለቤትነትን አንድ ላይ የሚይዘውን «ኦቻችሁ»ን ተመልከቱ። «ቤቶቻችሁ» ላይ ቶ ሳብዕ፣ ቻ ራብዕ፣ ች ሳድስ፣ ሁ ካዕብ ነው። አራት ቤት በአንድ መድረሻ! ከፊት ለ፣ በ፣ ከ ወይም የ ስትጨምሩ ግዕዝም ይገባል። የሚቀሩት ሣልስና ኃምስ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሥራችሁ አንድ ሣልስና አንድ ኃምስ ብቻ ያለው ትንሽ ስም መፈለግ ነው። ሚዜ። ጊዜ። ቲኬት።

«ቲኬት» ላይ ልቆይ፤ የባቡር ከተማ ሰው ስለሆንኩ ይቅር በሉኝ። ቲ ሣልስ ነው፣ ኬ ኃምስ፣ ት ሳድስ። «ኦቻችሁ» ሲመጣ ት ወደ ቶ ይቀየራል፤ ሳድስነቷን ትታ ሳብዕ ትሆናለች፣ ሳድሱን ደግሞ ች ትሸፍናለች። «በቲኬቶቻችሁ ተሳፈሩ»፤ በ፣ ቲ፣ ኬ፣ ቶ፣ ቻ፣ ች፣ ሁ፤ ሰባት። ቃሉን ግን እንደ ብዙዎቹ «ትኬት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሣልሱ ጠፍቶ ሳድስ ሁለት ይሆናል፣ ጨዋታው ይፈርሳል። የባዕድ ቃል አጻጻፍ የሚዋልል ስለሆነ ፍለጋ ሳትጀምሩ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ።

ሁለተኛው በር ነጠላው «ኣችሁ» ነው። ራብዕ፣ ሳድስ፣ ካዕብ ይሰጣል፤ መነሻው ግዕዝ። የቀሩት ሣልስ፣ ኃምስና ሳብዕ ናቸው። ይህን ሦስት ብቻ ይዞ በአናባቢ የሚያልቅ ስም ስፈልግ የቢሮ ቋንቋ ደረሰልኝ፦ ኮሚቴ። «ለኮሚቴያችሁ» ሰባቱን አሟልቷል። «ሆቴል» ግን ይወድቃል፤ «ለሆቴላችሁ» ሣልስ ብቻ ይጎድለዋል። ራሱ «ፊደል» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ «ፊደሎቻችሁ» ስትሉ ስድስቱ ተገኝተው ኃምስ ብቻ ይቀራል። ይህን ስቆጥር ያደርኩበት ሌሊት ነበር፤ አልተገኘም።

ሦስተኛው በር «ኦቹን» ነው፤ ሳብዕ፣ ካዕብ፣ ሳድስ። መነሻው ግዕዝ ከሆነ ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ ይቀራሉ። «ካቢኔ» አለላችሁ፤ «የካቢኔዎቹን ስብሰባ»። ከሰው ስም ደግሞ ሚካኤል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሚካኤሎች ቢኖሩ መምህሩ «የሚካኤሎቹን ደብተር አምጡ» ሊል ይችላል። ሚካኤል ላይ ሌላም ነገር አለ። ሚ ሣልስ፣ ካ ራብዕ፣ ኤ ኃምስ፣ ል ሳድስ፤ በፊደል ገበታው ተራ ነው የተቀመጠው። ከፊት የ ከኋላ ኮ ጨምራችሁ፣ በንግግር እንደምንለው «የሚካኤልኮ ነው» ብትሉ፣ ግዕዝ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያለ ይወርዳል። ካዕብ ብቻ ከተራው ጎድሏል። ሰባቱንም በተራ የያዘ ቃል እስካሁን አልያዝኩም፤ ወሪያ፣ ያገኘ ካለ ይወዳደረኝ።

የሰፈር ስሞቻችንም ለመለማመጃ ይሆናሉ። ከዚራና ከፊራ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ሣልስ፣ ራብዕ። ደቻቱ ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ካዕብ ነው። መጋላና ሳቢያን ራብዕ ስለሚደግሙ ከበሩ ይመለሳሉ፤ «ድሬዳዋ» ራሷም ዳ እና ዋ ላይ ትወድቃለች።

በልቁ ሕግ ስትጫወቱ በሳድስ የወፈረ ቃል ፈልጉ። «ኪሎሜትር» ሣልስ፣ ሳብዕ፣ ኃምስ አለው፤ የቀሩት ሁለቱ ሳድስ ናቸው። «የኪሎሜትራችሁ» ስምንት ፊደል ሆኖ ያልፋል። ከዚህ የሚበልጠው «ኢንፎርሜሽን» ነው፤ ያው ሦስት ቤት፣ ነገር ግን ሳድሱ አራት። «ለኢንፎርሜሽናችሁ» አሥር ፊደል ነው። መነሻውን በ«እንደ» ብትቀይሩት ሁለት ሳድስ ይጨምራል፤ መጨረሻው ላይ ም ስታክሉ «እንደኢንፎርሜሽናችሁም» አሥራ ሦስት ፊደል ይሆናል። የእኔ ክብረ ወሰን እሱ ነው። ተቃዋሚዬ «እንደ ለብቻው ነው የሚጻፈው» ቢለኝ መልስ የለኝም፤ ብዙዎች ለይተው ይጽፉታል። ያኔ «ለኢንፎርሜሽናችሁም» ላይ፣ ማለትም አሥራ አንድ ላይ እቆማለሁ። ቃል ከየት እስከ የት እንደሆነ አማርኛ ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚያከራክር ነውና ከውድድሩ በፊት ተስማሙ።

የሚያስቱ ነገሮች አሉ። ዋናው አ ነው። በገበታው ላይ ግዕዝ ቦታ ይቀመጣል፣ ስንናገረው ግን ራብዕ ነው፤ ሀም እንደዚያው። «ለኮሚቴያችሁ» ያልነውን «ለኮሚቴአችሁ» ብላችሁ ብትጽፉ ለጆሮ ያው ነው፤ በገበታው ቆጠራ ግን ግዕዝ ሁለት፣ ራብዕ ባዶ ይሆናል። እኔ በገበታው ነው የምሄደው፣ ለክርክር ይቀላል። ሌላው የስልክ መልእክት አጻጻፍ ነው፤ «ሚዜዎቻቹ» ተብሎ ሲጻፍ ች እና ሁ ተዋህደው ሳድስ ይጠፋል። ሏ፣ ሟ፣ ሷ የመሳሰሉት ከሰባቱ ቤት ውጭ ስለሆኑ እነሱን የያዘ ቃል ተዉት።

ኮምፒውተር ላይ ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን ማየት ቤቱን ይነግራል። ቀሪው ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ ስድስት ከሆነ ሳብዕ፤ አንድ ስንደምርበት ከአንድ እስከ ሰባት ይሆንልናል። ስምንት የሚወጣው እነሏ ላይ ነው።

```python
def bet(w):
    return sorted((ord(x) - 0x1200) % 8 + 1 for x in w)

for line in open("gazeta.txt", encoding="utf-8"):
    for w in line.split():
        w = w.strip("።፣፤፡፥፦«»()!?.,")
        if bet(w) == [1, 2, 3, 4, 5, 6, 7] and not set(w) & set("ቈቊቋቌቍኈኊኋኌኍኰኲኳኴኵጐጒጓጔጕ"):
            print(w)
```

ነጥቦቹን የምታራግፈዋን መስመር አትዝለሏት። እኔ መጀመሪያ ዘልያት ነበር፤ «ከቤቶቻችሁ» ሰባቱን አሟልቷል ተብሎ ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ በጣቴ ስቆጥር ሣልስ የለም፤ ፊደሉም ስድስት ነው። ለካ አራት ነጥብ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ቁጥሩ በአካፋዩ ስሌት ሣልስ ሆኖ ይቆጠራል። ነጠላ ሰረዝ ደግሞ ራብዕ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቃል ሁሉ በጣቴ ነው የምቆጥረው።

ጽሑፉን ስትመርጡ ደብዳቤና ማስታወቂያ ምረጡ፤ ልብ ወለድ ብዙ አይሰጥም። «ኣችሁ» እና «ኦቻችሁ» የሚበዙት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚጠራበት ቦታ ነው፤ ስብከት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የሠርግ ወረቀት። ሦስተኛውን በር ለሚፈልግ ደግሞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይሻላል፤ ካቢኔዎቹ የሚገኙት እዚያ ነው።